ሐዲስ ዓለማየሁ ሲያርፉ 93 ነበሩ ወይስ 94? በሁለት አቆጣጠር የተጻፈ ዕድሜ እንዴት ይሰላል

ደብረ ማርቆስ ያለችው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሐዲስ ዓለማየሁ አጭር የሕይወት ታሪክ እንድታዘጋጅ ታዛለች። አገሯ የወለዳቸው ሰው ስለሆኑ ጉዳዩን ከልቧ ይዛዋለች።

«ጋሼ፣ አንዱ ጋ ሲያርፉ 93 ዓመታቸው ነበር ይላል፣ አንዱ ጋ 94። የቱን ልጻፍ?»

ሁለቱም ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ቁጭ ብለን አየን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱን አገኘነው። ያን ዕለት የሄድንበትን መንገድ እዚህ እጽፈዋለሁ። የሌላ ሰው ዕድሜም በዚሁ መንገድ ይሰላል።

መጀመሪያ ቀኖቹን እንዳሉ ጻፏቸው

ምንም ሳትቀይሩ፣ ያገኛችሁትን ቀን ሁሉ ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጡ። ከጎኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። እኛ ያገኘነው ይህን ነበር፦

ልደት፦ ጥቅምት 7 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ ጎጃም። ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው።

ልደት፣ ከውጭ ቋንቋ ጽሑፍ፦ ኦክቶበር 1910። ይህ የፈረንጆች ነው።

ዕረፍት፦ ዲሴምበር 6 ቀን 2003። ይህም የፈረንጆች ነው።

«ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ምልክት ከሌለ የወሩን ስም ተመልከቱ። ግን የወር ስም ብቻውን አይታመንም። ብዙ ተርጓሚ ኦክቶበርን «ጥቅምት»፣ ዲሴምበርን «ታኅሣሥ» እያለ ይጽፍና ቀኑንና ዓመቱን ግን የፈረንጅ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ «ታኅሣሥ 6 ቀን 2003» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ የእኛ ታኅሣሥ እንዳይመስላችሁ። የወሩ ስም የእኛ ነው፣ ቀኑና ዓመቱ የእነሱ ነው።

ይህን የምታውቁበት አንድ ዘዴ አለ። ቀኑ 31 ከሆነ የእኛ ሊሆን አይችልም። ጳጉሜን ከተጻፈ ደግሞ የእነሱ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ከሌሉ ዓመቱን ከሰውየው ሕይወት ጋር አስተያዩት። «ጥቅምት 1910» የሚለውን የእኛ ነው ብላችሁ ብትይዙት፣ ሐዲስ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገና የ18 ዓመት ልጅ ይሆናሉ። ከዚያ በፊት ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩበትን ዘመን፣ ከዚያም አዲስ አበባ የዘመናዊ ትምህርት ቤት የቆዩበትን፣ በኋላም ራሳቸው ያስተማሩበትን ዓመታት በዚያ ላይ ብትደምሩ አይገጥምም። አለመግጠሙ ነው ምልክቱ።

ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ

ዕድሜ ማስላት መቀነስ ነው። ግን ሁለቱም ቀኖች በአንድ አቆጣጠር መሆን አለባቸው። ይህን ሳያደርጉ ቢቀንሱ ምን እንደሚወጣ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። 2003 ሲቀነስ 1902፣ 101 ይመጣል። የዕረፍቱን ዓመት ብቻ ወደ እኛ ለውጠን 1996 ሲቀነስ 1910 ብንል ደግሞ 86። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፣ ግን አንዳቸውም ለዓይን አያስደነግጡም። ሰው 86 ዓመት ይኖራል፣ 101ም ይኖራል። ለዚህ ነው ስሕተቱ ሳይታይ የሚያልፈው።

የትኛውን አቆጣጠር እንምረጥ? እኔ የልደቱ መዝገብ የተጻፈበትን እመርጣለሁ። ዕድሜን የሚወስነው የልደት ቀን አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ስለሆነ፣ እሱን ሳንነካ እንተወውና ሌላውን እናመጣለታለን። ስለዚህ ሐዲስን በእኛ አቆጣጠር እናሰላለን። መለወጥ ያለበት ዲሴምበር 6 ቀን 2003 ብቻ ነው።

ዓመቱን ለመለወጥ፦ 7 ወይስ 8?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «በእኛና በእነሱ መካከል 8 ዓመት ነው» ብለን ተምረናል። ልክ ነው፣ ግን ከጃንዋሪ 1 በኋላ ብቻ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። የእኛ ዓመት ተቀይሯል፣ የእነሱ ገና ነው። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፣ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

ዲሴምበር 6 ከጃንዋሪ በፊት ነው። ስለዚህ 2003 ሲቀነስ 7፣ 1996 ዓ.ም.።

አሁን ወደዚያ «1910» እንመለስ። ጥቅምት ከመስከረም በኋላ፣ ከታኅሣሥ 22 በፊት ነው። ስለዚህ 1902 ላይ የሚደመረው 7 ነው። 1909 ይሆናል። 1910 የመጣው ጥቅምት መሆኑን ሳያይ 8 ከደመረ ሰው ነው። 93 የሚለውም ከዚያ የተወለደ ነው፣ 2003 ሲቀነስ 1910። ስሕተቱ አንዴ ከተጻፈ ሌላው ይገለብጠዋል፣ ብዙ ቦታ ስለተገኘም እውነት ይመስላል።

ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለ ቀን ላይ 8 ዓመት ልዩነት ካያችሁ ወዲያው ጠርጥሩ።

ቀኑን ለመለወጥ፦ ከዕንቁጣጣሽ ጀምራችሁ በ30 ቁጠሩ

ለዚህ ልዩ ማሽን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የዚያ ዓመት መስከረም 1 በፈረንጅ ስንት ቀን እንደዋለ ማወቅ ነው። በ20ኛውና በ21ኛው ክፍለ ዘመን ወይ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ወይ 12። 12 የሚሆነው ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከነበረ ነው፣ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚኖረው።

ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ዓመቱን ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ መጀመሪያ 5500 ይደምራሉ፣ ዓመተ ዓለም ለማግኘት። 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለዚህ ጉዳይ ብቻ ብትተዉት መልሱ አይለወጥም።

እንግዲህ 1996 ላይ ነን። ያለፈው ዓመት 1995 ነው። ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። ሉቃስ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1996 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ነው። አሁን በ30 በ30 እንራመድ። ጥቅምት 1፣ ኦክቶበር 12። ኅዳር 1፣ ኖቬምበር 11። ሴፕቴምበር 30 ቀን ነው፣ ኦክቶበር 31፤ ለዚያ ነው ኅዳር ላይ አንድ ቀን ወደ ኋላ የሄደው። ከኖቬምበር 11 እስከ ዲሴምበር 6 ድረስ 25 ቀን ነው። ኅዳር 1 ሲደመር 25፣ ኅዳር 26።

ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።

መቀነስ፣ ከዚያ ልደቱን ማየት

1996 ሲቀነስ 1902፣ 94። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። በዚያ ዓመት የልደታቸው ቀን አልፏል? ልደታቸው ጥቅምት 7 ነው። ያረፉት ኅዳር 26። አልፏል። ስለዚህ 94 ዓመት ደፍነዋል። ባያልፍ ኖሮ አንድ እንቀንስ ነበር።

የእህቴ ልጅ አላመነችም። «በእነሱም እናስላው» አለች። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ማረጋገጫ ይህ ነው። ጥቅምት 7 ቀን 1902ን ወደ ፈረንጅ እንለውጥ። ያለፈው ዓመት 1901 ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፣ ማቴዎስ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1909 ነው። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ጥቅምት 7 ኦክቶበር 17 ቀን 1909። ከዚያ እስከ ዲሴምበር 6 ቀን 2003 ድረስ 94 ዓመት ከ50 ቀን ነው። ልደቱ አልፏል። ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ አደረሱን።

በሁለቱም መንገድ አስልታችሁ የተለያየ ዕድሜ ከመጣ አንዱ ለውጥ ላይ ተሳስታችኋል። ሰው በአንድ ቀን ሁለት ዕድሜ አይኖረውም። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ 7 ወይም 8 የሚለው ላይ ነው።

በሕይወታቸው መካከል ላለ ክስተት፦ ጎጀብ

ሐዲስ በጦርነቱ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ነበሩ። በመጨረሻ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጣሊያኖች ተማረኩ፣ ከዚያም ወደ ጣሊያን ተጋዙ፣ ወደ ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች። ራስ እምሩ እጃቸውን የሰጡት ዲሴምበር 18 ቀን 1936 ነው። ሐዲስ ያን ዕለት ስንት ዓመታቸው ነበር?

ዲሴምበር ስለሆነ 7 እንቀንሳለን። 1929 ዓ.ም.። ያለፈው 1928 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነበር። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10። ከዚያ 8 ቀን እንጨምር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929። ጥቅምት 7 ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። 1929 ሲቀነስ 1902፣ 27።

27 ዓመታቸው ነበር። በዚያ በተሳሳተው 1910 ቢሰላ 26 ይመጣል።

የጣሊያን ወረቀቶችን የሚያነብ ሰው ሌላም አቆጣጠር ያጋጥመዋል። የፋሺስት መንግሥት ከቀኑ ጎን የራሱን ዓመት በሮማ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ዓመቱ የሚጀምረው በኦክቶበር መጨረሻ ሲሆን የመጀመሪያው ከ1922 ይቆጠራል። ዲሴምበር 1936 ላይ የተጻፈ ወረቀት 15ኛ ዓመት ይላል። ወረቀቱ ላይ የሮማ 15 ብቻ ካለ ከኦክቶበር 1936 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1937 መጨረሻ ያለውን ያመለክታል። ጥቅምት 7 በዚያ ጊዜ ኦክቶበር 17 አካባቢ ስለሚውል የሐዲስ ልደት ያን ዓመት ልክ ሊያልቅ ሲል ነው የሚመጣው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከሞላ ጎደል ሙሉውን 27 ናቸው።

ዓመቱ ብቻ ሲታወቅ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወሩን ሳናውቅ ዕድሜያቸውን አንድ ቁጥር አድርገን መጻፍ አንችልም። 1958 ሲቀነስ 1902፣ 56። ከጥቅምት 7 በፊት ከታተመ 55፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 56። በእኛ አቆጣጠር ስናስብ ልደታቸው የዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ 56 የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያም ሆኖ እኔ «በ55 ወይም በ56 ዓመታቸው» ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስትለውጡ «1958 ማለት 1966 ነው» ብላችሁ አትለፉ። 1958 ከሴፕቴምበር 1965 እስከ ሴፕቴምበር 1966 ነው። «1965/66» ብሎ መጻፍ ታማኝነት ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ በአፍ የሚነገር ዕድሜ ነው። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ስትጠይቁ «27 ዓመቴን ይዤ ነበር» ይሏችኋል። መያዝ መድፈን አይደለም። 27ን የያዘ ሰው 26 ደፍኖ 27ኛው ላይ ነው ያለው። ቃለ መጠይቅ ስትጽፉ «ይዤ» ያሉትን «ሞልቶኝ» አድርጋችሁ አትገልብጡ። በዚያች ቃል ምክንያት ሙሉ ዓመት ይሳሳታል።

ቀን የማያስታውስ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመኑን ያስታውሳል። «ዘመነ ማርቆስ ነው የተወለደው» ይላል። ይህ ዋጋ አለው። 1902 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፣ ማርቆስ ነው። 1903 ሉቃስ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ዓመታት ሲጣሉ፣ ልክ 1909ና 1910 እንደተጣሉት፣ የወንጌላዊው ስም ይዳኛቸዋል። ዘመኑ በ4 ዓመት አንዴ ስለሚመለስ ግን ብቻውን ዓመት አይነግራችሁም፣ የሚመርጥላችሁ ከቀረቡት ነው።

ከ1900 በፊት ላሉ ሰዎች

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዕንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ነበር። ምክንያቱም ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት፣ እኛ ግን በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6ን አንዘልም።

ዐድዋን አስቡ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር የተዋጋበት ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ብለው ይጽፋሉ። ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። 1887 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ 1888 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ዋለ። በ30 ስትራመዱ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ይሆናል። 22 ቀን ጨምሩ፣ ፌብሩዋሪ ያን ዓመት 29 ስለነበረ ማርች 1 ትደርሳላችሁ። የዛሬን ካላንደር ተጠቅማችሁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀን ብትለውጡ አንድ ቀን ትስታላችሁ። ለዕድሜ ይህ ችግር የሚሆነው ክስተቱ ልደቱ ላይ ወይም ከዚያ በአንድ ቀን ርቀት ሲውል ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ ፈረንጆቹ ራሳቸው ሁለት አቆጣጠር አላቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው በኖቬምበር 1770 ነው። የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ነው። ብሪታንያ ግን እስከ 1752 ድረስ የምትጠቀመው በአሮጌው፣ በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። ልደቱ በአሮጌው፣ ጉዞው በአዲሱ ተጽፏል ማለት ነው።

ለእኛ ይህ ከሚመስለው ይቀላል። የእኛ አቆጣጠርና የዩልዮስ አቆጣጠር እኩል ይራመዳሉ። መስከረም 1 በዩልዮስ ሁልጊዜ ኦገስት 29 ነው፣ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ 30። 1722 ለ4 ሲካፈል 2 ስለሚቀር ዕንቁጣጣሽ 1723 ኦገስት 29 ነበር። ታኅሣሥ 1 ኖቬምበር 27 ይሆናል፣ ዲሴምበር 14 ደግሞ ታኅሣሥ 18። ብሩስ በእኛ የተወለደው ታኅሣሥ 18 ቀን 1723 ነው። ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1763 ዓ.ም.፣ ከኖቬምበር ቀኖች በአንዱ። ኖቬምበር ያን ዓመት ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው የዋለው፣ ታኅሣሥ 18 ገና ነው። 1763 ሲቀነስ 1723፣ 40፤ ልደቱ ስላላለፈ 39።

የኖቬምበር ቀኑን በትክክል ማወቅ እንኳ አላስፈለገንም። ጠቅላላው ወር ከልደቱ በፊት ነው። የ11 ቀኑ የአሮጌና የአዲስ ልዩነትም መልሱን አይነካም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ክስተቱ ከልደቱ ስንት ቀን ይርቃል? በብሩስ ዘመን ከ11 ቀን በላይ የሚርቅ ከሆነ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል መጨነቅ አያስፈልግም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሁለቱንም ለውጡና አወዳድሩ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው እንዲህ ይላል፦ «ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1902 – ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. (ኦክቶበር 17 ቀን 1909 – ዲሴምበር 6 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.)። በ94 ዓመታቸው አረፉ።» ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀመጠችው ነገ የሚያነበው ልጅ ራሱ ቀንሶ እንዲያየው ብላ ነው።